ሥጋና ዓሣን ከፍሪዘር ድርቀት ለማዳን፦ የትኛው መጠቅለያ፣ የትኛው አጻጻፍ፣ የትኛው አደራደር?

ከፍሪዘር የወጣ ሥጋ ጠርዙ ላይ ነጣ ብሎ ወደ ግራጫ ያደላ፣ ሲነኩት የደረቀና የሻከረ ቦታ ካለው የፍሪዘር ድርቀት አግኝቶታል። እንዲህ ያለ ሥጋ ቢበላ አያሳምምም። ነገር ግን የደረቀው ቦታ የፈለገውን ያህል ቢቀቀል አይለሰልስም፤ ቅባት ያለበት ከሆነ ደግሞ የከረፋ ጣዕም ይዞ ይወጣል። ብዙዎች ዲፕ ፍሪዘር የሚሉት ከላይ የሚከፈተው ፍሪዘር ያለው ሰው ከዚህ ጉዳት ለመዳን ብዙ ዓይነት መጠቅለያ ይቀርብለታል። ሁሉም ለፍሪዘር ይሆናል ተብሎ ይሸጣል፤ ሥራቸው ግን ፈጽሞ እኩል አይደለም። ውዱን መግዛት ሁልጊዜ አያስፈልግም፣ ርካሹም ሁልጊዜ አያዋጣም።

ምርጫውን የሚወስነው ምግቡ ፍሪዘር ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ነው። በሦስት ሳምንት የሚያልቅ ሥጋና ለስምንት ወር የሚቀመጥ ሥጋ አንድ ዓይነት መጠቅለያ አይፈልጉም። የሚቆይበትን ጊዜ ማወቅ የሚቻለው ደግሞ አደራደሩና አጻጻፉ ሲስተካከል ብቻ ስለሆነ፣ ከዚህ በታች ሦስቱንም አብረን እናያለን።

ድርቀቱ ከየት ይመጣል?

በረዶ ወደ አየር ለመውጣት የግድ መቅለጥ የለበትም። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ እንኳ ከምግቡ ገጽ ላይ ያለው በረዶ ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደ ተን እየተለወጠ ይወጣል። በምግቡና በመጠቅለያው መካከል ባዶ ቦታ ካለ ተኑ እዚያ ይጠራቀምና በመጠቅለያው ውስጠኛ ገጽ ላይ አመዳይ ሆኖ ይቀመጣል። ከረጢት ሲከፈት የሚረግፈው ነጭ ብናኝ በረዶ ከውጭ የገባ አይደለም፤ ከራሱ ከሥጋው የወጣ ውሃ ነው። አመዳዩ በበዛ መጠን ሥጋው ያንኑ ያህል ደርቋል።

ይህን ሂደት የሚያፋጥነው የሙቀት መዋዠቅ ነው። ክዳኑ ሲከፈት ወይም ያልቀዘቀዘ ምግብ ሲገባ ሙቀቱ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ተን ይወጣል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ተኑ ወደ ሥጋው አይመለስም፤ ከሁሉ ቀድሞ በሚቀዘቅዘው በመጠቅለያው ላይ ያርፋል። ውሃው በወጣበት ቦታ ሥጋው ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ሆኖ ይቀራል፤ በቀዳዳዎቹ በኩል ኦክስጅን ወደ ውስጥ ይዘልቅና ቀለሙን ያጠፋል፣ ቅባቱንም ያከርፋል።

ከላይ የሚከፈት ፍሪዘር በዚህ ረገድ ጥሩ ዕቃ ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ክዳኑ ሲከፈት አብዛኛው ከታች ይቀራል። በአብዛኞቹ ሞዴሎች ውስጥ አየር የሚያናፍስ ማራገቢያም ሆነ በረዶን በራሱ ጊዜ የሚያቀልጥ ማሞቂያ የለም፤ ስለዚህ ሙቀቱ ብዙም አይዋዥቅም። ከክዳኑ ሥር ያለው የላይኛው ክፍል ግን ከታችኛው ይልቅ ይሞቃል፣ ይዋዥቃልም። ቶሎ የሚበላው ላይ፣ የሚቆየው ታች መሆን ያለበት ለዚህ ነው።

መጠቅለያን በምን እንመዝን?

የመጀመሪያው መስፈርት መጠቅለያው ከምግቡ ጋር ተጣብቆ አየር ማስወጣት መቻሉ ነው። ከሁሉ የሚበልጠውም ይኸው ነው፤ ወፍራም ነገር በልቅ ከተጠቀለለ ስስ ነገር ጥብቅ ብሎ ከተጠቀለለው ያነሰ ያገለግላል። ሁለተኛው ተን እና ኦክስጅን የማሳለፍ ጠባዩ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ተንን በደንብ የሚያግድ ላስቲክ ኦክስጅንን ቀስ በቀስ ሊያሳልፍ ይችላል። እንዲህ ባለ መጠቅለያ ውስጥ ቅባት የበዛበት ዓሣ ሳይደርቅ ይከረፋል። ሦስተኛው በብርድ ጊዜ ያለው ጥንካሬ ነው፤ ፍሪዘር ውስጥ ዕቃ ከዕቃ ይጋጫል፣ የአጥንት ጫፍም እንደ መርፌ ይወጋል። አራተኛው ቅርጹ ነው፤ ለመደርደር የማይመች እሽግ ከሥር ተቀብሮ ይረሳል። ወጪውን የምናየው ከእነዚህ በኋላ ነው።

አማራጮቹ አንድ በአንድ

ተራ ፌስታል ለፍሪዘር አልተሠራም። ስስ ነው፣ በብርድ በቀላሉ ይቀደዳል፣ አፉ በቋጠሮ ሲታሰር አየር ይዞ ይቀራል። ለሁለትና ሦስት ሳምንት ካልሆነ ብቻውን አይበቃም።

ስሱ የላስቲክ መጠቅለያ፣ ማለትም በጥቅል የሚሸጠውና በራሱ የሚጣበቀው፣ ከሥጋው ገጽ ጋር በመግጠም የሚወዳደረው የለም። በእጅ እየተጫኑ ሲጠቀልሉት በመካከል አየር አይቀርም። ድክመቱ ብቻውን ሲሆን ነው፦ ይገለጣል፣ ይቀደዳል፣ አንዳንዱ ዓይነትም ተን በመጠኑ ያሳልፋል። ስለዚህ ምንጊዜም የውስጥ ልብስ ነው፤ ከላዩ ሌላ ይፈልጋል።

ፎይል ቀዳዳ እስካልኖረው ድረስ ተንም ኦክስጅንም አያሳልፍም። ችግሩ እዚያው «እስካልኖረው ድረስ» ላይ ነው። ስሱ ፎይል ሲታጠፍ በእጥፋቱ ላይ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ያወጣል፣ አጥንትም ይበሳዋል። ከገዙ ወፍራሙን ይግዙ፤ ቲማቲምን የመሰለ ጎምዛዛ ነገር ያለበት ምግብ ግን በቀጥታ አያስነኩት፤ አሲዱ ፎይሉን ይበላዋል።

በአንድ ጎኑ ላስቲክ የተለበጠ የሥጋ ወረቀት ለትላልቅ ቁራጮች ይመቻል። የሚያንጸባርቀው ጎን ወደ ሥጋው ይዞራል፣ ጠርዞቹ በአንድነት ተይዘው ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ታች ይታጠፋሉ፣ ከዚያ በፕላስተር ይታሸጋሉ። ብርድን ይቋቋማል፣ በቀላሉም ይጻፍበታል። ያልተለበጠ ተራ ወረቀት ግን ውሃውን ራሱ ይመጥጠዋል፤ ሁለቱን አያምታቱ።

ወፍራሙ ባለ ዚፕ የፍሪዘር ከረጢት ለብዙ ቤተሰብ የመጀመሪያው ምርጫ ሊሆን ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ተንን በደንብ ያግዳል፣ ጠፍጣፋ ሆኖ ይደረደራል። ሆኖም ከረጢቱ ራሱ አየር አያስወጣም፤ ያንን የሚሠራው የሰው እጅ ነው። ጥሩው ዘዴ እንዲህ ነው፦ ሥጋውን ካስገቡ በኋላ ዚፑን ከአንዱ ጥግ ሁለት ጣት ያህል ክፍት ትተው ይዝጉት። ጥልቅ ሳህን ወይም ባልዲ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ይሙሉና ከረጢቱን ከታች ጀምረው ቀስ ብለው ያጥልቁት። ውሃው ከየአቅጣጫው ላስቲኩን ወደ ሥጋው ይጫነዋል፣ አየሩም በተተወው ክፍት በኩል ይወጣል። ውሃው ዚፑ ጋር ሊደርስ ሲል ክፍቱን ይዝጉት። ከውሃው ሲወጣ ላስቲኩ በሥጋው ላይ ተለጥፎ የሥጋውን ቅርጽ ይዞ ካዩት ተሳክቷል፤ አንድ ቦታ ላይ ፊኛ የመሰለ ልቅ ክፍል ካለ ከፍተው ይድገሙት። ይህ ምንም ወጪ የሌለው ሥራ ከቫኪዩም ማሽን ውጤት ጋር ይቀራረባል።

ክዳን ያለው የፕላስቲክ ወይም የብርጭቆ ዕቃ ለሾርባና መረቅ ላለው ምግብ ነው። ውሃ ሲረጋ በመጠኑ ወደ 9 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር ከአፉ በታች 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ባዶ ይተው፤ አፈ ጠባብ ከሆነ ደግሞ ከዚያ በላይ። ለጥሬ ሥጋ ግን መጥፎ ምርጫ ነው፤ በቁራጮቹ መካከል ያለው አየር ሁሉ እዚያው ይቀራል። የብርጭቆ ዕቃ ብርድ እንደሚችል በግልጽ የተጻፈበት ካልሆነ ይሰነጠቃል።

በቫኪዩም ማሸጊያ ማሽን የሚዘጋው ከረጢት ከሁሉም በላይ ይጠብቃል። አየሩን ይመጥጣል፣ ከረጢቱም ብዙውን ጊዜ ከሁለት ዓይነት ላስቲክ የተነባበረ ስለሆነ ኦክስጅንን ጭምር ያግዳል። ቅባታም ዓሣን ወይም ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ሥጋን ለሚያስቀምጥ ሰው ልዩነቱ የሚታይ ነው። ሦስት ነገሮችን ግን አስቀድመው ይወቁ። እርጥብ ሥጋ ሲታሸግ ፈሳሹ ወደ ማሸጊያው መስመር ተስቦ ይወጣና በደንብ እንዳይጣበቅ ያደርገዋል፤ መፍትሔው ሥጋውን ለአንድ ሁለት ሰዓት ያህል በትሪ ላይ አጠንክሮ ከዚያ ማሸግ ነው። የአጥንት ጫፍ ከረጢቱን በቀላሉ ይበሳል፤ ጫፉን በተጣጠፈ ወረቀት ይሸፍኑት። የከረጢቱ ወጪም ማሽኑ ከተገዛ በኋላ የሚቀጥል ነው።

አራተኛው ከጤና ጋር የተያያዘ ስለሆነ ለብቻው ላንሳው። በቫኪዩም የታሸገ ጥሬ ዓሣ በማቀዝቀዣ ውስጥ እንዲቀልጥ ከመተውዎ በፊት ከረጢቱን ይክፈቱት። ያለ አየርና ያለ ውርጭ ሲቆይ ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ የምግብ መመረዝ የሚያስከትለውን መርዝ የሚያመርተው ባክቴሪያ እንዲያድግ ሁኔታው ይመቻችለታል፤ ከእነዚህ ባክቴሪያዎች አንዳንዱ በማቀዝቀዣ ቅዝቃዜ ውስጥም ያድጋል።

ማሽን የሌለው ሰው ለዓሣ የሚጠቀምበት የቆየ ዘዴም አለ፦ የበረዶ ልብስ። ዓሣው ሳይጠቀለል በትሪ ላይ ይጠነክራል፤ ከዚያ በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ገባ ብሎ ይወጣና ወደ ፍሪዘር ይመለሳል። ይህ ሲደጋገም ዙሪያውን ግልጽ የበረዶ ሽፋን ይለብሳል። ጥቂት ሚሊ ሜትር ውፍረት ሲኖረው በከረጢት ይታሸጋል። ከዚያ በኋላ የሚተነው የዓሣው ውሃ ሳይሆን ይህ ሽፋን ነው። በየጥቂት ሳምንቱ አየት አድርገው ከሳሳ ማደስ ይኖርብዎታል።

| መጠቅለያ | አየር ማስወጣት | ተንና ኦክስጅን ማገድ | ጥንካሬ | ወጪ | ለምን ያህል ጊዜ |
|---|---|---|---|---|---|
| ተራ ፌስታል | ደካማ | ደካማ | ደካማ | በጣም ዝቅተኛ | 2–3 ሳምንት |
| ስስ ላስቲክ ብቻውን | በጣም ጥሩ | መካከለኛ | ደካማ | ዝቅተኛ | 1 ወር ገደማ |
| ወፍራም ፎይል | ጥሩ | እስካልተቀደደ በጣም ጥሩ | መካከለኛ | መካከለኛ | 2–3 ወር |
| የተለበጠ ወረቀት | ጥሩ | ጥሩ | ጥሩ | መካከለኛ | 4–6 ወር |
| የፍሪዘር ከረጢት በውሃ ዘዴ | ጥሩ | ተን ጥሩ፣ ኦክስጅን መካከለኛ | ጥሩ | መካከለኛ | 3–4 ወር |
| ስስ ላስቲክ ከላዩ የፍሪዘር ከረጢት | በጣም ጥሩ | ጥሩ | በጣም ጥሩ | መካከለኛ | 6 ወርና ከዚያ በላይ |
| ክዳን ያለው ዕቃ | ለፈሳሽ ጥሩ፣ ለሥጋ ደካማ | ጥሩ | በጣም ጥሩ | አንዴ ተገዝቶ ይቆያል | ለሾርባ 2–3 ወር |
| ቫኪዩም | ከሁሉ የላቀ | ከሁሉ የላቀ | አጥንት ከሌለ ጥሩ | ከፍተኛ | እስከ አንድ ዓመት |

የመጨረሻው ዓምድ የእኔ የተግባር ግምት ነው፤ የሚናገረውም ስለ ጣዕምና ስለ ልስላሴ እንጂ ስለ ጤና አይደለም። ያለማቋረጥ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ የቆየ ምግብ ጥራቱ ይቀንስ እንጂ ለጤና አደገኛ አይሆንም። ምግቡ ራሱም ገደብ አለው። የተፈጨ ሥጋ ብዙ ገጽ ለአየር ስለተጋለጠ ከ3 እስከ 4 ወር፣ ቅባታም ዓሣ ከ2 እስከ 3 ወር፣ የተቆራረጠ ዶሮ እስከ 9 ወር፣ ያልተቆረጠ ሙሉ ዶሮ እስከ አንድ ዓመት ጥሩ ሆኖ ይቆያል። ጨው የገባበት ሥጋ ብዙ ሰው እንደሚገምተው ረጅም ዕድሜ የለውም፤ ጨው የቅባቱን መከርፋት ያፋጥናል፣ በአንድ ሁለት ወር ውስጥ ቢበላ ይሻላል።

ምን ይጻፍ፣ በምን ይጻፍ?

ይህ አጭር ነው፤ ግን ሳይሠራ የሚታለፍ በመሆኑ ብዙ ምግብ ያስጥላል። የረጋ ሥጋ ከውጭ ሲታይ የበሬው ከበጉ፣ የዛሬው ካለፈው ዓመቱ አይለይም። አራት ነገር ይበቃል፦ ምን እንደሆነ፣ መጠኑ፣ የገባበት ቀን፣ መበላት ያለበት ወር። ለምሳሌ «የተፈጨ ሥጋ፣ 500 ግራም፣ ጥር 12፣ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ»። የመጨረሻውን ሰዎች ይተዉታል፤ ሆኖም ማብሰል የሚፈልገው ሌላ የቤት ሰው ሒሳቡን ሳያሰላ ውሳኔ የሚሰጠው በእርሱ ነው።

ከመጻፊያዎቹ የማይለቅ ማርከር በቀጥታ በከረጢቱ ላይ ከሁሉ ይሻላል፤ ከረጢቱ ደረቅና ባዶ ሳለ ይጻፍ፤ ከታሸገና ከረጠበ በኋላ ቀለሙ አይይዝም። በወረቀት ፕላስተር ላይ መጻፍ ለፎይልና ለዕቃ ክዳን ይሆናል፤ ሆኖም ተራው ፕላስተር በብርድ ማጣበቂያው ይደርቅና ይረግፋል። ለብርድ የተሠራውን ካላገኙ ፕላስተሩን እሽጉን ሙሉ በሙሉ ዞሮ ራሱ ላይ እንዲገናኝ አድርገው ይለጥፉት። ቁራጭ ወረቀት ጽፎ ከሥጋው ጋር ማስገባትን አልመክርም፤ አመዳይ ሸፍኖት አይነበብም።

አደራደር፦ የፍሪዘሩ ዋና ድክመት

ከላይ የሚከፈት ፍሪዘር ቅዝቃዜን በመያዝ የሚያገኘውን ብልጫ በአደራደር ያጣል። አዲሱ ምግብ ሁልጊዜ ከላይ ስለሚቀመጥ መጀመሪያ የሚነሣው አዲሱ ነው፣ ከሥር ያለው ይረሳል። አብዛኛው የፍሪዘር ድርቀት የመጠቅለያ ችግር መስሎ ይታያል እንጂ ከሥር የተረሳ እሽግ ታሪክ ነው።

ሦስት አማራጮች አሉ። የመጀመሪያው በዓይነት ለይቶ በባለ እጀታ ቦርሳ ወይም በቅርጫት ማስቀመጥ ነው፦ ዓሣ በአንዱ፣ ዶሮ በሌላው። እስከ ታች ለመድረስ ቦርሳዎቹን ማንሣት ብቻ ስለሚበቃ ክዳኑ ለረጅም ጊዜ ተከፍቶ አይቆይም። ዓይነቱን ይለያል፤ ነገር ግን በቦርሳው ውስጥ የትኛው ቀድሞ እንደገባ አይለይም።

ሁለተኛው እሽጎቹን ጠፍጣፋ አርግቶ በጠርዛቸው አቁሞ መደርደር ነው፣ መጻሕፍት በመደርደሪያ ላይ እንደሚቆሙት። እኔ የምመርጠው ይህን ነው። የሁሉም ጽሑፍ ከላይ ይነበባል፣ ማንም ከማንም ሥር አይቀበርም። ደንቡም አንድ ብቻ ነው፦ ከግራ ይወጣል፣ በቀኝ ይገባል። ከግራ አንድ ሲነሣ የቀሩትን ወደ ግራ ገፋ ማድረግ ነው፤ አዲስ ሲመጣ በቀኝ በተከፈተው ቦታ ይገባል። ይህ እንዲሠራ ግን ጽሑፉ በእሽጉ የላይኛ ጠርዝ አጠገብ፣ ዚፑ ሥር መሆን አለበት። አጥንት ያለው ሥጋና ሙሉ ዶሮ እንዲህ አይቆሙም፤ እነርሱ በታች ባለው ቦርሳ ይቀመጣሉ።

ሦስተኛው የጽሑፍ መዝገብ ነው። በክዳኑ ላይ በተለጠፈ ወረቀት እያንዳንዱ እሽግ በአንድ መስመር ይጻፋል፣ ሲወጣ ይሰረዛል። ክዳኑ ሳይከፈት ምን እንዳለ ይታወቃል፤ ይህም ሙቀቱ እንዳይዋዥቅ ይረዳል። መዝገብ የሚወድቀው አንድ ሰው ብቻ ሲጽፍና ሌሎቹ ሳይሰርዙ ሲያወጡ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው በሚጠቀምበት ቤት ሁለተኛውን አማራጭ ዋና፣ መዝገቡን ደግሞ ከታች ላሉት ትላልቅ ነገሮች ብቻ ማድረግ ይሻላል። አሥር መስመር ያለው ዝርዝር ይጠበቃል፤ ሰባ መስመር ያለው በወሩ ይተዋል።

በተግባር፦ 10 ኪሎ ሥጋ፣ 200 ሊትር ፍሪዘር

አንድ ቤተሰብ 4 ኪሎ የተፈጨ፣ 4 ኪሎ አጥንት የሌለው የተቆራረጠ እና 2 ኪሎ አጥንት ያለው ሥጋ ገዛ እንበል። የመጀመሪያው ጥያቄ ሁሉንም በአንድ ቀን ማስገባት ይቻላል ወይ የሚል ነው። በልምድ የሚሠራበት ልክ በ24 ሰዓት ውስጥ ለእያንዳንዱ 28 ሊትር ያህል የፍሪዘር መጠን ከ1 ኪሎ እስከ 1 ኪሎ ከ300 ግራም ገደማ ነው። ለ200 ሊትር ከ7 እስከ 9 ኪሎ ይሆናል። በፍሪዘሩ ጀርባ ያለው ጽሑፍ ከዚህ ያነሰ ቁጥር ካለው እርሱን ይከተሉ። ከልኩ በላይ ሲገባ አዲሱ ሥጋ ቀስ ብሎ ይረጋል፣ ትላልቅ የበረዶ ቅንጣቶች ይፈጠሩና ሥጋው ሲቀልጥ ብዙ ፈሳሽ ይለቃል፤ ነባሩም ምግብ ይሞቃል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን የተፈጨውና አጥንት ያለው፣ በድምሩ 6 ኪሎ፣ ይገባል። የተቆራረጠው ማቀዝቀዣ ውስጥ አድሮ በማግሥቱ ይከተላል።

ቤተሰቡ የተፈጨ ሥጋ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ግማሽ ኪሎ ያበስላል። 4 ኪሎው በአራት ሳምንት ያልቃል ማለት ነው። ለዚህ ቫኪዩም ትርፍ ነው፤ ስምንት የፍሪዘር ከረጢት ይበቃል። ግማሽ ኪሎው ከረጢት ውስጥ ገብቶ በእጅ መዳፍ ወይም በመዳመጫ ሲዳመጥ ወርዱ 17፣ ቁመቱ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ የሆነ ሰሌዳ ይሆናል። ሥጋው እስከ ጥጎቹ ድረስ ሲገፋ አየሩ ከፊቱ እየተነዳ በዚፑ በኩል ይወጣል፤ እዚህ ላይ የውሃው ዘዴ እንኳ አያስፈልግም። ስስ ስለሆነ ቶሎ ይረጋል፣ ለማብሰልም ቶሎ ይቀልጣል።

የተቆራረጠው በሁለት ሳምንት አንድ ኪሎ ይወጣል፤ የመጨረሻው እሽግ የሚነሣው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። አራት ባለ አንድ ኪሎ ከረጢት በውሃው ዘዴ ይታሸጋል። ቁራጮቹ ያልተስተካከለ ቅርጽ ስላላቸው በመካከላቸው አየር የሚደበቀው እዚህ ነው፤ ውሃው ያንን ያስወጣዋል።

አጥንት ያለው 2 ኪሎ ለእንግዳ ቀን የሚቀመጥ ስለሆነ ስድስት ወር ሊቆይ ይችላል። ይህ የተሻለ ጥበቃ የሚገባው ነው። የአጥንቱ ጫፎች በታጠፈ የተለበጠ ወረቀት ይሸፈናሉ፤ ከዚያ በስስ ላስቲክ ሁለት ጊዜ ጥብቅ ተደርጎ ይጠቀለላል፣ በመጨረሻ በወፍራም ከረጢት ይገባል።

ለማርጋት ጠፍጣፋዎቹ እሽጎች በስስ የብረት ትሪ ላይ ሳይደራረቡ ይተኛሉ፣ ትሪውም ግድግዳውን እንዲነካ ይደረጋል፤ በአብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ፍሪዘሮች ቅዝቃዜ የሚሰጠው ቱቦ የሚያልፈው በግድግዳው ውስጥ ነው። ያልረጋ ሥጋ ከረጋ ሥጋ ጋር አይነካካ። በማግሥቱ ሰሌዳ ሆነው ሲጠነክሩ ከትሪው ይነሡና በረድፉ ቀኝ ጫፍ ይቆማሉ።

ለማን የትኛው?

በጀትዎ ውስን ከሆነና የሚገዙት በአንድ ሁለት ወር የሚያልቅ ከሆነ፣ ገንዘቡን ለወፍራም ከረጢትና ለአንድ ማርከር ያውሉት። ጥሬ ሥጋ ወይም ዓሣ ያልነካ ከረጢት ታጥቦ ደርቆ ለዳቦ ሊያገለግል ይችላል፤ ጥሬ የያዘው ግን ይጣል።

መካከለኛ በጀት ላለውና አልፎ አልፎ ትልቅ ግዢ ለሚፈጽም፣ ስሱ ላስቲክ ከላዩ ከረጢት ያለ ማሽን የሚገኝ ምርጡ ጥበቃ ነው። ከሁሉም አማራጮች የወጪና የጥቅም ሚዛኑ እዚህ ላይ ይስተካከላል።

ቫኪዩም ማሽን የሚያዋጣው ዓመቱን ሙሉ በብዛት ለሚገዛ፣ ቅባታም ዓሣ ለሚያስቀምጥ ወይም ከስድስት ወር በላይ ማቆየት ለሚፈልግ ነው። አደራደሩ ሳይስተካከል ማሽን መግዛት ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

በብዛት የበሰለ ምግብና ሾርባ ለሚያስቀምጥ አራት ማዕዘን የሆኑ ዕቃዎች ከክቦቹ ይሻላሉ፤ በመካከላቸው ባዶ ቦታ አይተዉም። ሾርባው ከረጋ በኋላ ክዳኑን ከፍተው አንድ ስስ ላስቲክ በገጹ ላይ ቢያለብሱት የላይኛው ገጽ አይደርቅም።

መብራት ለሚቆራረጥበት ቤት ፍሪዘሩ ሙሉ መሆኑ ይጠቅማል። ክዳኑ ካልተከፈተ ሙሉ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሹ የሞላ 24 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ባዶ ቦታ ካለ በውሃ የተሞሉ የላስቲክ ጠርሙሶች፣ ከአፋቸው ጎደል ብለው፣ ቦታውን ይሙሉት። መብራት ሲመለስ እሽጎቹን ይመርምሩ፦ በውስጠኛው ገጽ የተበተነ ነጭ አመዳይ ድርቀትን ያሳያል፤ ከእሽጉ ሥር ተጠራቅሞ የረጋ ቀይ ፈሳሽ ግን ሥጋው አንድ ጊዜ ቀልጦ እንደነበር ይናገራል። የመጀመሪያው የጣዕም ጉዳይ ነው። ሁለተኛው የጤና ጉዳይ ነው፤ መቼና ለምን ያህል ጊዜ እንደቀለጠ ካልታወቀ አይበላም።

ድርቀት ያገኘው ሥጋ በእጅዎ ካለ የደረቀውን ክፍል ከማብሰልዎ በፊት በቢላዋ ይግፈፉት፤ የቀረው በመረቅ ለሚበስል ምግብ ይሆናል፣ ለጥብስ ግን አይመችም። ሲገፍፉት ከሥሩ ያለው ቅባት የከረፋ ሽታ ካለው መረቁም ያንኑ ይይዛል፤ ያን ጊዜ ቅባቱን ሙሉ በሙሉ ያስወግዱ። የግድግዳው በረዶ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ ደግሞ ፍሪዘሩን አጥፍተው በረዶውን ያስለቅቁ፤ ለዚያ የሚመረጠው ጊዜ ረድፉ ሳስቶ አዲስ ግዢ ከመድረሱ በፊት ያለው ሳምንት ነው።